«የአባቱ ስም ማን ነው?» ብሎ ቲኬት የሚቆርጥ ካጋጠማችሁ ብር አትክፈሉ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ለውጭ አገር ሰው ቲኬት የምታስቆርጡ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። በተለይ ሰውየው ስሙ አንድ ብቻ ከሆነ።

ጎረቤቴ ከታሚል ናዱ የመጣ ሕንዳዊ ነው፤ እዚሁ ማርቆስ ያስተምራል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ሱርያ ብቻ ነው። የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ባዶ ነው። በእነሱ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። ብዙዎቹ እንደኛው የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የላቸውም። የአባታቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ከስማቸው ፊት ጣል ያደርጋሉ፣ አለቀ።

ለእረፍት አገሩ ሊሄድ ሲል አብሬው ቲኬት ቢሮ ሄድኩ። ልጁ ፎርሙን እየሞላ «ላስት ኔም» ላይ ሲደርስ ቆመ። ሲስተሙ ባዶ አያሳልፍም። ነጥብ አስገባ፣ እምቢ አለው፤ ፊደል ነው የሚፈልገው። ከዚያ ለማናችንም የሚመጣልን መላ መጣለት። «ጋሼ፣ የአባቱ ስም ማን ነው?» ሙሩጋን ነው አልነው። «በቃ፣ ችግር የለውም፤ እኔ ስንቱን ልኬያለሁ።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ትክክል መስሎኝ ነበር። እኛ ጋ ሁለተኛ ስም ማለት የአባት ስም አይደል? ቲኬቱ ላይ የወጣው ይሄ ነው፦

```
MURUGAN/SURYAMR
```

ከእዝባሩ በፊት ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከኋላው ያለው የራስ ስም። መጨረሻ ላይ የተለጠፈው MR ማዕረግ ነው፣ ስም አይደለም። አሁን ፓስፖርቱን ገልብጡና ከፎቶው ገጽ ግርጌ ማሽን የሚያነባቸውን ሁለት መስመሮች እዩ። የላይኛው እንዲህ ይላል፦

```
P<INDSURYA<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<
```

መስመሩ 44 ቦታ አለው። የቤተሰብ ስም ካለ፣ በእሱና በራስ ስም መካከል ሁለት << ይገባል። ስሙ አንድ ብቻ ሲሆን ግን በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ያ ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይቀመጣል፤ የቀረው በ< ይሞላል። ስለዚህ ለማሽኑ የዚህ ሰው የቤተሰብ ስም ሱርያ ነው። ሙሩጋን የሚባል ሰው እዚህ መስመር ላይ የለም።

ይህን ያወቅነው ቦሌ ላይ ነው። ሰውየው 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ በአውቶቡስ ሄዶ፣ ሻንጣውን ሚዛን ላይ ሊያወጣ ሲል «ሙሩጋን ማን ነው?» አሉት። የፊደል ስህተት ቢሆን አንድ ሁለት ፊደል ብዙ ጊዜ ያስተካክላሉ። ሙሉ የቤተሰብ ስም መቀየር ግን ቲኬቱን ለሌላ ሰው እንደማስተላለፍ ነው የሚታየው። የእሱ ደግሞ ገንዘብ የማይመለስበት ርካሽ ቲኬት ነበር። በዕለቱ ዋጋ አዲስ ገዛ።

ቲኬት ቢሮው ምን አለ? «የአባቱን ስም የነገራችሁኝ እናንተ ናችሁ።» አምስት ሳንቲም አልመለሰም።

ትክክለኛው አጻጻፍ እንደ አየር መንገዱ ይለያያል፤ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ስሙን ሁለቴ ድገሙት ይላል፤ ሌላው FNU አስገቡ ይላል።

```
SURYA/SURYAMR
SURYA/FNUMR
```

FNU «የመጀመሪያ ስሙ ያልታወቀ» የሚል የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው። የአሜሪካ ቪዛም ላይ ይጻፋል። ስሙን ወላጆቹ ያወጡለትን ሰው «ስሙ አልታወቀም» ማለት ያስቃል፤ ግን ያሳፍራል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ርካሽ ነው ብለው የሁለት አየር መንገድ ቲኬት ለየብቻ ቆርጠው ከቀጣጠሉላችሁ፣ ሁለቱም ጋ ለየብቻ መጠየቅ አለበት።

እና ልጁ አየር መንገዱ ጋ ሳይደውል በራሱ መላ ከሞላ፣ ተነሱና ውጡ። ከደወለም፣ ቲኬቱን ከመቁረጡ በፊት የስሙን መስመር ከስክሪኑ ላይ ፎቶ አንሱና ከፓስፖርቱ ግርጌ ጋር አስተያዩ። ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ካያችሁትም ቤታችሁ ሳትደርሱ ተመለሱ። ቢሮው በቆረጠበት ዕለት ብዙ ጊዜ ያለ ቅጣት ሊሰርዘው ይችላል። በማግስቱ ሌላ ታሪክ ነው።

«ዱባይ ላይ ወርዳችሁ ሦስት ቀን ትዝናናላችሁ» የሚል ፓኬጅ ደግሞ አለ። ለእኛም ቀርቦልን ነበር። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ያለውን ሰው በጉብኝት ቪዛ አናስገባም ብላለች። ከቀናት በኋላ፣ የአባት ስም በፓስፖርቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ካለ ይቻላል ተብሎ ተሻሻለ። ለፓኬጁ ከመክፈላችሁ በፊት ያንን ገጽ አሳይታችሁ አየር መንገዱ ይሁንታውን በጽሑፍ ይስጣችሁ። የቢሮው ልጅ «ችግር የለውም» ማለቱ ቦሌ ላይ አይሠራም።

ስም ደግሞ በአፍ አትንገሩ። ፓስፖርቱን ብቻ ስጡት።