ገንዘቡ ይመለስ ወይስ ሌላ ይላክ?

ዋሽንግተን ያለች ልጅ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ልደት ክሬም ኬክና ጽጌረዳ በኦንላይን አዘዘች እንበል። ሁለቱም በልደቱ ማግስት ደረሱ፤ ጽጌረዳውም አንገቱን ደፍቷል። ሻጩ ወይ ገንዘብ ልመልስ ወይ ሌላ ልላክ ይላል።

ለኬኩ ገንዘቡ ይሻላል፤ የማድረሻውም ጭምር። ክሬም ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ባይሸትም መብላቱ ያሰጋል። ልደቱም አልፏል፤ ሌላ ኬክ ምን ያደርጋል?

ጽጌረዳው ግን ይለያል። አንገቱን የደፋው ብዙውን ጊዜ ውሃ አጥሮት ነው። መጀመሪያ ፎቶ ይነሳ፣ የደረሰበት ሰዓትም ይያዝ። ከዚያ ግንዱን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ቆርጦ ለጥቂት ሰዓታት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ማቆም ነው። ቀና ካለ፣ ለመዘግየቱ የማድረሻ ክፍያው ቢመለስ ይበቃል። አበባው ከጠቆረ ወይም ከሻገተ ግን ሌላ እቅፍ ይላክ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ።