ለጋራ ሰንጠረዥ ጎግል ሺትስ ወይስ ኤክሴል? ንጽጽር በተበላሸ የእድር መዝገብ

የእድር ወይም የእቁብ መዝገብ በኢንተርኔት በጋራ የሚይዙ ወዳጆቼ የትኛው እንደሚሻል ደጋግመው ይጠይቁኛል። የእኔ ምርጫ ጎግል ሺትስ ነው፤ ምክንያቴም ሰው ሲሳሳት የቀድሞውን ቅጂ ያለ ክፍያ መመለስ ስለሚያስችል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን ብልሽት እንመልከት። አንድ አባል የስሞችን ዓምድ ብቻ መርጦ በፊደል ተራ ሲያስተካክል ስሞቹ ቦታ ይቀያየራሉ፤ የከፈሉት ገንዘብ ግን ባለበት ይቀራል። ድምሩ ስለማይለወጥ ስህተቱን ማንም ቶሎ አያየውም፤ የሚታወቀው ከፋዩ ባለዕዳ ሆኖ ሲገኝ ነው። በመሀል ገንዘብ ያዡ በዚያው ፋይል በሌላኛው ሺት ላይ ወጪ መዝግቦ ሊሆን ይችላል።

በጎግል ሺትስ `File > Version history > See version history` ሲከፈት ማን መቼ እንዳረመ በስምና በቀለም ይታያል። እዚህ ላይ `Restore this version` የሚለውን ለመጫን መቸኮል አይገባም፤ ፋይሉን ከነሺቶቹ ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚመልስ የገንዘብ ያዡም ምዝገባ አብሮ ከፊታችን ይጠፋል። የሚሻለው ከብልሽቱ በፊት ያለውን ቅጂ በ`Make a copy` ለብቻው አውጥቶ፣ የስሞቹን ዓምድ ብቻ ገልብጦ አሁን ባለው ፋይል ላይ በ`Ctrl+Shift+V` መለጠፍ ነው። ሙሉው ፋይል ቢመለስ እንኳ የኋለኛው ቅጂ ከታሪኩ ስለማይሰረዝ እንደገና ማግኘት ይቻላል። ታሪኩን የሚያየው ግን የማረም ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ኤክሴልም በድረ ገጽ በነጻ ይሠራል፤ `Review` ውስጥ ያለው `Show Changes` የእያንዳንዱን ሕዋስ የቀድሞ ዋጋ እስከ 60 ቀን ድረስ ያሳያል፤ በዚህ በኩል ጎግልን ይበልጣል ብል ሐሰት አይሆንም። ችግሩ በግል አካውንት የሚገኙት የቀድሞ ቅጂዎች የመጨረሻዎቹ 25 ብቻ መሆናቸው ነው፤ ብዙ እጅ በሚነካው መዝገብ ላይ ዘግይቶ የተደረሰበት ስህተት ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። ነጻው ቦታም 5 ጊጋባይት ሲሆን የጎግሉ 15 ነው። ለማይክሮሶፍት 365 በግል የሚከፍል ሰው ቦታው ይሰፋለታል እንጂ 25ቱ ከፍ አይልለትም፤ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን የማይክሮሶፍት ማከማቻ ዋንድራይቭን በሙሉ እስከ 30 ቀን ወደ ኋላ የመመለስ አገልግሎት ያገኛል፤ ያ ግን ለአንድ ዓምድ ሲባል ሌሎቹንም ፋይሎች ያናጋል። መሥሪያ ቤቱ የከፈለለት ሰው ጉዳይ ይለያል፤ እዚያ የተለመደው ገደብ 500 ቅጂ ስለሆነ ኤክሴልን ይያዝ።

በየትኛውም ቢሠራ ፋይሉ ወርዶ በቴሌግራም ከተላከ ታሪኩ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ሊንኩን ብቻ ማጋራት፣ በጎግል ሺትስም በየወሩ መዝጊያ ላይ በ`Name current version` ስም መስጠት ይበቃል፤ ለአንድ ሰንጠረዥ እስከ 15 ስም ይፈቀዳል።