ወደ አውሮፓ «በኪሎ» የሚልኩ ሻጮች፦ ካርቶኑን ሳታዩ ብር አትላኩ

ንዴቴ ገና አልበረደም፤ የቃላት ግድፈት ካለ እለፉት።

ከአዲስ አበባ በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ አዘጋጅተው ወደ ውጭ የሚልኩትን ታውቋቸዋላችሁ። ቴሌግራም ላይ ቻናል አላቸው፣ በርበሬው ሲፈጭ ቪዲዮ ይለቃሉ፣ ስር ስሩ «እናመሰግናለን፣ ደርሶናል» የሚል መልእክት ይደረደራል። እኔም ፍራንክፈርት ሆኜ ከአንዱ አዘዝኩ። ማጓጓዣው በኪሎ 12 ዩሮ፣ በሳምንት ውስጥ ቤትሽ ድረስ፣ ቀረጥ የሚባል ነገር አያገኝሽም ተባልኩ። የዕቃውን ዋጋ ወዲያው አስከፈለኝ፤ ማጓጓዣው ሲመዘን ይታሰባል አለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያለ ነው።

ከዚያ የሚዛኑን ቪዲዮ ላከልኝ። ካርቶኑ ታሽጓል፣ ሚዛኑ ላይ 9.4 ይነበባል። በሆዴ 113 ዩሮ ገደማ ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ቆይቶ ሂሳቡ መጣ፦ 17 ኪሎ፣ 204 ዩሮ። ተሳስቶ መስሎኝ ደወልኩ።

«የኔ እህት፣ እሱ የሚዛኑ ነው። የሚከፈለው በካርቶኑ ነው» አለኝ።

«በየትኛው ካርቶን?»

ሳቀ። ከኋላው ላለ ሰው «እነዚህ ዲያስፖራዎች እኮ…» ሲል ሰማሁት። ስልኩን እንኳን በእጁ አልሸፈነም። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ፣ «ውጭ እየኖርሽ ይሄን አታውቂም? በይ ካልፈለግሽ ዕቃው እዚሁ ይቀመጣል፣ የዕቃው ብር ግን አይመለስም» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአየር ኩሪየሮች ሁለት ክብደት ያያሉ። አንዱ ሚዛን የሚያሳየው ነው። ሌላው የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሴንቲሜትር ተባዝቶ ለ5000 ሲካፈል የሚወጣው ነው። የሚያስከፍሉት በሚበልጠው ነው፤ ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ አውሮፕላን ላይ ቦታም ገንዘብ ስለሆነ ነው። የኔ ካርቶን 60 በ40 በ35 ነበር። ተባዝቶ 84,000፣ ለ5000 ሲካፈል 16.8። ወደ ላይ ይጠጋጋና 17 ይሆናል። ያው ዕቃ 40 በ30 በ30 በሆነ ካርቶን ቢታሸግ ኖሮ ስሌቱ 7.2 ነበር የሚሰጠው፣ የምከፍለውም በሚዛኑ 9.4 ነበር። ሻጩ ይሄንን ልቅም አድርጎ ያውቃል። በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ የራሱን ትርፍ ጨምሮ ስለሚሸጥ፣ ካርቶኑ በሰፋ ቁጥር እሱ ያተርፋል። ስከፍተው ከግማሽ ያላነሰው የተጨማደደ ጋዜጣ ነው! አየር ነው የገዛሁት።

ሳምንት የተባለውም ውሸት ነው። የመከታተያ ቁጥሩን ቶሎ ሰጠኝ፤ ሳየው ግን «መረጃው ደርሶናል፣ ዕቃውን ገና አልተረከብንም» ከሚለው ንቅንቅ አላለም። ቁጥሩ ይወጣል፣ ዕቃው ሱቁ ውስጥ የሌሎች ትዕዛዝ እስኪሞላ ይቀመጣል። ስጠይቀው «አየር መንገዱ ነው» ይላል። ሰሞኑን ሁሉም ነገር አየር መንገዱ ነው።

የጀርመን ጉምሩክ ጋ ደግሞ ሌላ ጉድ። ወረቀቱ ላይ «ስጦታ፣ ቅመም፣ 20 ዩሮ» ብሎ ጽፎልኛል። ከግለሰብ ለግለሰብ የሚላክ ስጦታ እስከ 45 ዩሮ ነጻ መሆኑ እውነት ነው፤ ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ግን ስጦታ አይደለም፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል። የከፈልኩበትን ደረሰኝ አምጪ አሉኝ። ካሳየሁ የሱ ውሸት በኔ ስም ይወጣል፣ ካላሳየሁ ዕቃው አይለቀቅም። አሳየሁ፣ ታክሱንም ከፈልኩ።

ቅቤው አልተረፈም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካሉ አብዛኞቹ አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በፖስታ ማስገባት ክልክል ነው፣ ለራስ ምግብም ቢሆን። ሳዝዝ ጠይቄው «ሁሌ እንልካለን፣ የተነጠረ ችግር የለውም» ነበር ያለኝ። ከጉምሩክ ሰውየው ፊት ቆሜ መልእክቱን ሳነበው ሰውየው ትከሻውን ብቻ ነቀነቀ። ቅቤው በስስ ፌስታል ነበር የታሰረው፣ መንገድ ላይ ቀልጦ ሽሮውን አበላሽቶታል። ለሻጩ ፎቶ ብልክለት አይቶ ዝም አለ። በማግስቱ ብሎክ አደረገኝ።

ለማንኛውም፣ ካርቶኑ ሳይታሸግ ሜትር ተደርጎበት ፎቶ ይላክላችሁ፣ ራሳችሁ አባዙና ለ5000 አካፍሉ። ወደ አውሮፓ ቅቤ እልካለሁ ከሚል ሻጭ ጋር ወሬ አትቀጥሉ። ወረቀቱ ላይ ምን ዋጋ እንደሚጽፍም ከመክፈላችሁ በፊት አስጽፉት።