እያራራቁ መከለስ ወይስ ሳያዩ ማስታወስ? ሥራ ይዞ ለሰርተፊኬሽን ፈተና ለሚዘጋጅ ሰው

ቀን ሥራ ውሎ ማታ ለሰርተፊኬሽን ፈተና ለሚያነብ ሰው ሁለት ዘዴዎች ደጋግመው ይመከራሉ። አንዱ ስፔስድ ሪፒቲሽን ነው፤ ያጠኑትን ቀናት እያራራቁ መከለስ። ሌላው አክቲቭ ሪኮል ነው፤ መጽሐፉን ዘግቶ መልሱን ከራስ ጭንቅላት ማውጣት። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚጠሩ አንድ ነገር የሚመስሏቸው ሰዎች አሉ። ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው «መቼ ልከልስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ሁለተኛው «ለመከለስ ስቀመጥ ምን ላድርግ?» ለሚለው።

ጊዜ ለተረፈው ሰው ልዩነቱ ብዙም አያስጨንቅም፤ ሁለቱንም ያደርጋል። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ግን መምረጥ ይኖርበታል። ያቺን ሰዓት ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ ያለውን ካርድ ቀጠሮ እያወጣ በሚጠይቅ አፕ ላይ ያጥፋት? ወይስ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ከባድ ጥያቄዎችን ይሥራባት? ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነም ያው ነው፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የካርድ ስብስብ ይግዛ ወይስ የጥያቄ ባንክ?

መጀመሪያ ሳያዩ ማስታወስን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን አራቱንም ዙር አነበበ። ሌላው አንድ ዙር ብቻ አንብቦ የቀሩትን ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያነበቡት 40 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ።

ከዚህ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ የአምስት ደቂቃው ውጤት ነው። ደጋግሞ ያነበበ ሰው እንደገባው የሚሰማው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለዚያች ማታ በእርግጥም ይዞታል። ችግሩ ፈተናው ከአምስት ደቂቃ በኋላ አለመሆኑ ነው።

ወደ ማራራቁ ስንመጣ፣ ሴፔዳ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ከ1,350 በላይ ሰዎችን አሳትፈዋል። የጠየቁት በመጀመሪያው ጥናትና በክለሳው መካከል ስንት ቀን ቢያልፍ ይሻላል የሚለውን ነው። መልሱ እንደ ፈተናው ርቀት ይለያያል። ፈተናው ከክለሳው ሳምንት በኋላ ከሆነ፣ የሚሻለው ክፍተት የዚያ ጊዜ ከ20 እስከ 40 በመቶ ነው፤ ማለትም ሁለት ቀን ገደማ። ፈተናው ዓመት የሚርቅ ከሆነ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይወርዳል፤ ይህ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ለሁሉም ሰው የሚሠራ አንድ አስማተኛ ክፍተት የለም። መነሻው የፈተናው ቀን ነው።

ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንዲህ ይመስላሉ፦

| | እያራራቁ መከለስ | ሳያዩ ማስታወስ |
|---|---|---|
| የሚወስነው | ክለሳው የሚውልበትን ቀን | በክለሳው ሰዓት የሚሠራውን |
| የሚመቸው ለምን | ለትርጉም፣ ለቀመር፣ ለቁጥር፣ ለቅደም ተከተል | ለስሌት፣ ለውሳኔ፣ ተመሳሳይ ነገሮችን ለመለየት |
| የሚፈልገው | በየቀኑ ትንሽ ጊዜ፣ ሳይቋረጥ | ያልተቆራረጠ ጊዜና ትኩረት |
| የሚበላሸው | ካርድ ሲጠራቀም | ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ በመሥራት |

ሰንጠረዡ ያልያዘውን ነገር በምሳሌ ማየት ይሻላል። ለፕሮጀክት ማኔጅመንት ፈተና የሚዘጋጅ ሰው እንውሰድ። ከሚያጠናቸው ነገሮች አንዱ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ጠቅላላ ወጪው ስንት እንደሚሆን መገመት ነው። ይህ EAC ይባላል። የሚሰላበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦

```
EAC = BAC / CPI
EAC = AC + (BAC - EV)
```

BAC የፕሮጀክቱ ሙሉ በጀት ነው። EV እስካሁን የተሠራው ሥራ በበጀቱ ሲተመን የሚያወጣው ዋጋ፣ AC ደግሞ በተግባር የወጣው ወጪ ነው። CPI የሚገኘው EV ለ AC ሲካፈል ነው።

እነዚህን በካርድ መያዝ ቀላል ነው። ፊት ለፊት «CPI እንዴት ይሰላል?»፣ ጀርባው ላይ መልሱ። አፑ ዛሬ ይጠይቃል፣ ነገ ይጠይቃል፣ ከዚያ ከሦስት ቀን፣ ከስምንት ቀን በኋላ እያለ ያራዝመዋል። በሳምንታት ውስጥ ቀመሩ ከአፍ አይጠፋም። ለዚህ ሥራ ከካርድ የሚሻል አላውቅም።

አሁን የፈተና ዓይነት ጥያቄ እንይ። በጀቱ 100,000 ነው። የተሠራው ሥራ 40,000 ያወጣል፣ የወጣው ወጪ ግን 50,000 ነው። ወጪው ከበጀት ያለፈው አንድ ማሽን ተሰብሮ ስለነበር ነው፤ ማሽኑ ተጠግኗል፣ የቀረው ሥራ በዕቅዱ መሠረት ይሄዳል። ጠቅላላ ወጪው ስንት ይሆናል?

በካርድ ብቻ የተዘጋጀ ሰው ሁለቱንም ቀመሮች ያውቃቸዋል። ቁጥሮቹን ሲያይ እጁ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። CPI 0.8 ነው፣ 100,000 ለ0.8 ሲካፈል 125,000። ይህ ቁጥር ከምርጫዎቹ መካከል እንደሚኖር አትጠራጠሩ፤ ጥያቄ አውጪዎች ሥራቸውን ያውቃሉ። ትክክለኛው መልስ ግን 110,000 ነው። ብልሽቱ የአንድ ጊዜ ስለሆነ እስካሁን በወጣው 50,000 ላይ የቀረውን የ60,000 ሥራ በዕቅዱ ዋጋ መደመር ነው። የመጀመሪያው ቀመር የሚያገለግለው ያለፈው አካሄድ ወደፊትም ይቀጥላል ተብሎ ሲታሰብ ነው።

ይህ ሰው የተሳሳተው ረስቶ አይደለም። ቀመሩን በየስንት ቀኑ ቢከልስ ይህን ስህተት አያርመውም። የጎደለው ጥያቄውን አንብቦ የትኛው ቀመር እንደሚፈለግ መለየት ነው፤ ይህ የሚለመደው የተለያዩ ጥያቄዎችን አደባልቆ፣ መልሱን ሳያዩ በመሥራት ነው። ካርዱ ይህን ልምምድ አይሰጥም፤ ካርዱ ላይ የቀመሩ ስም አስቀድሞ ተጽፏላ።

የተገላቢጦሹም አለ። የማሽኑን ጉዳይ በትክክል ለይቶ «ቀመሩ ግን ምን ነበር?» ብሎ የሚቀርም ሰው አለ። ለእሱ ተጨማሪ ከባድ ጥያቄ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው። ካርድ ይሥራ።

ስለዚህ ከመምረጥዎ በፊት በቅርቡ የሠሩትን መለማመጃ ፈተና አውጥተው የሳቱትን አንድ በአንድ ይዩ። ከእያንዳንዱ አጠገብ «ረሳሁት» ወይም «አወቅሁት ግን አምታታኝ» ብለው ይጻፉ። የመጀመሪያው ከበዛ ካርድ፣ ሁለተኛው ከበዛ የጥያቄ ባንክ።

እኩል ከሆኑስ? የእኔ ምርጫ ሳያዩ ማስታወስ ነው። ምክንያቱም ሳያስታውሱ ማራራቅ ያንኑ ገጽ በየሳምንቱ ከማንበብ አያልፍም። ሳያዩ የሚያስታውስ ሰው ግን ማራራቁን ያለ ምንም አፕ በቀን መቁጠሪያ ሊያመጣው ይችላል። ዛሬ የሳትኩትን ጥያቄ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከአሥር ቀን በኋላ እሠራዋለሁ ብሎ መጻፍ ነው።

የካርዱ ወገን የሚደብቀው ዋጋም አለ። አንኪ የተባለውን ታዋቂ አፕ የሚጠቀሙ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላቸዋል፤ ሥራው ትንሽ ነው። ግን በየቀኑ አዲስ የሚጨምሩት ካርድ ለወደፊት ክለሳ ቀጠሮ ይዞ ነው የሚገባው። በግምት በቀን 10 አዲስ ካርድ የሚጨምር ሰው ከጊዜ በኋላ በቀን እስከ 100 የሚደርስ ክለሳ ይጠብቀዋል። አንዱ ካርድ 10 ሰከንድ ቢወስድ 17 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህ ይቻላል። አፑ ሲጫን የተቀመጠለትን 20 አዲስ ካርድ እንዳለ የተወው ሰው ግን ከአንድ ሰዓቱ ግማሽ በላይ በካርድ ይበላበታል። ሥራ በዝቶበት ሦስት ቀን ከዘለለ የሚጠብቀው ክምር ያስደነግጣል፤ አፑን ላለመክፈት ምክንያት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ አዲስ ካርድ መጨመር ያቁሙ እንጂ ሁሉንም በአንድ ማታ ለመጨረስ አይታገሉ።

ሌላው ነገር አፑ የፈተናዎን ቀን አለማወቁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የገባና ሁልጊዜ የተመለሰ ካርድ ከወር በኋላ «ከ50 ቀን በኋላ እንገናኝ» ሊል ይችላል። ፈተናው ከዚያ በፊት ከሆነ ያ ካርድ ሳይከለስ ይቀራል። ይህ በስህተት የሚሆን አይደለም፤ አፑ ክፍተቱን የሚያሰላው ከአሥር ካርድ ዘጠኙ ያህል እንዲታወስ ነው። ፈተና ላይ ግን አሥሩንም ስለምንፈልግ ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው አንድ ካርድ ቢበዛ ስንት ቀን እንደሚራራቅ የሚወስነውን Maximum interval የሚለውን ማስተካከያ ወደ 14 ማውረድ ጥሩ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ከዚያ በኋላ ለሚከለሱ ካርዶች ነው፤ ቀድሞ ረጅም ቀጠሮ የያዘ ካርድ ቀኑ በራሱ አይቀየርም።

የጥያቄ ባንኩም የራሱ ማታለያ አለው። ውጤትዎ ከ60 ወደ 85 በመቶ ሲወጣ እሰይ ከማለትዎ በፊት ጥያቄዎቹ ያው የበፊቶቹ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ሦስተኛ ጊዜ የተሠራ ጥያቄ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሳይደርሱ «ይሄማ መልሱ ሐ ነው» ያሰኛል። መፈተኛው ቀላል ነው። ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍነው መልሱን መጀመሪያ በራስዎ ይጻፉ። ከዚያ ምርጫዎቹን ገልጠው የቀሩት ሦስቱ ለምን እንደማይሆኑ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበሉ። መልሱን እያገኙ ምክንያቱን መናገር ካቃተዎት የያዙት ፊደሉን ነው።

አሥር ሳምንት በቀን አንድ ሰዓት ላለው ሰው ክፍፍሉን እንዲህ አደርገዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት 15 ደቂቃ ካርድ፣ ከ10 አዲስ ሳይበልጥ። የቀረው 45 ደቂቃ አዲስ ምዕራፍ ማንበብና ወዲያው መጽሐፉን ዘግቶ የታወሰውን በባዶ ወረቀት መጻፍ። ካርዱን ራስዎ ይሥሩት፤ የተገዛ ስብስብ እርስዎ የሚያውቁትን ሁሉ ደግሞ ይጠይቅዎታል። ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ ሰዓቱ በዋናነት የተደባለቁ ጥያቄዎች ይሁን፤ አዲስ ካርድ የሚገባው ጥያቄ ላይ ረስተው የሳቱት ነገር ብቻ ነው። በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ካርድ ዜሮ። አንድ ያልነኩት ሙሉ መለማመጃ ፈተና እስከዚያ ድረስ ያስቀምጡ፤ ከፈተናው አምስት ወይም ስድስት ቀን ቀደም ብለው በእውነተኛው ሰዓት ልክ ይሥሩት። የሳቱትን ለመከለስ ጊዜ እንዲተርፍዎ በዋዜማው አያድርጉት።