ፍራንክፈርት ኤርፖርት ላይ እናቴን ለረዳሽልኝ እህቴ

እማዬ ከአዲስ አበባ ተነስታ በፍራንክፈርት በኩል ስቶክሆልም በሰላም ገብታልኛለች። ፍራንክፈርት ላይ ይዛ ከበር በር ላደረሰቻት የተጓዦች እርዳታ ሠራተኛ ምስጋናዬ ይድረስልኝ። ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጽፍም። አማርኛ የምትናገር ልጅ ናት። እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ እህቴ።

እናት አባቱን በዚያ መንገድ የሚያስመጣ ሰው ስለማይጠፋ፣ ልጅቷ ምን እንዳደረገች ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ወደ ሸንገን አገር የሚሄድ ሰው የመግቢያ ፓስፖርት ቁጥጥር የሚያልፈው መጀመሪያ በሚያርፍበት የሸንገን አገር ነው። ስለዚህ እማዬ አውሮፓ የገባችው ፍራንክፈርት ላይ ነው። ከዚያ ወደ ስቶክሆልም ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ ይቆጠራል። «ስትደርሺ እኔ አስረዳልሻለሁ» ማለት አይሠራም ማለት ነው። የግብዣ ደብዳቤው፣ የመመለሻ ትኬቱና የጉዞ ኢንሹራንሱ እጅ ቦርሳ ውስጥ መሆን አለባቸው። ሻንጣው እንደሆነ በቀጥታ ስቶክሆልም ይሄዳል፣ መሀል ላይ አይገኝም።

ልጅቷ እማዬን ስትቀበላት ያየችው የመሳፈሪያ ወረቀቷን ነው። የሁለተኛው በረራ ወረቀት ላይ በር አልተጻፈም ነበር። ይሄ የተለመደ ነው፤ በር የሚመደበው ዘግይቶ ነው፣ ተመድቦም ሊቀየር ይችላል። ስክሪኑ ላይ የፈለገችው በከተማ ስም ሳይሆን በበረራ ቁጥር ነበር። ወደ አንድ ከተማ በቀን ብዙ በረራ አለ፣ አንዱ አውሮፕላንም የተለያዩ አየር መንገዶች ቁጥር እየተፈራረቀ ሊታይበት ይችላል። የእማዬ በር በA የሚጀምር ሆነ።

ተርሚናል 1 ላይ ፊደሏ ብዙ ትናገራለች። A ወደ ሸንገን አገሮች የሚኬድበት ነው፤ ከውጭ የመጣ ሰው የፓስፖርት ቁጥጥር ሳያልፍ አይደርስበትም። Z እዚያው ህንጻ ላይ ከA በላይ ያለው ፎቅ ሲሆን ከሸንገን ውጭ ለሚሄዱ ነው። ለምሳሌ ወደ አሜሪካ የሚያልፍ ሰው ወደ Z ሲሄድ ወደ ጀርመን መግቢያው ሰልፍ አይመለከተውም። ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለዚህ ማለፊያም የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ካለው ነጻ ነው። B ደግሞ ለሁለቱም ስለሚያገለግል ፊደሉን ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም።

ትልቁ ውለታዋ ግን ሰልፉ ላይ ነው። እማዬ ቦሌ የተዋወቀቻቸውን ሰዎች ተከትላ ወደ አጭሩ ሰልፍ ልትሄድ ነበር። እነሱ የስዊድን ዜጎች ናቸው፣ ሰልፋቸው EU የሚል ምልክት ያለበት ነው። ልጅቷ «እማማ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም፣ በዚህ በኩል ይምጡ» ብላ ወደ All Passports መለሰቻት። በፈረንጆቹ ጥቅምት 2025 በተጀመረው አዲሱ የመግቢያና መውጫ መዝገብ ምክንያት ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ሰው ፎቶና አሻራ ሊጠየቅ ይችላል፤ ያ ሰልፍ ቀስ ብሎ የሚሄደውም ለዚህ ነው። ረጅሙን ሰልፍ ጨርሶ «የእርስዎ ያኛው ነው» መባል በረራ ያስመልጣል። ፖሊሱ ማን ጋ እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ ጠየቃት፣ ልጅቷ አስተረጎመችላት፣ ወረቀቶቹን አይቶ አሳለፋት። ከዚያ የእጅ ሻንጣ ፍተሻ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ በሩ።

ይሄን እርዳታ በሰው በሰው አላገኘሁትም፣ የከፈልኩትም ነገር የለም። በአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርቶች በዕድሜም ሆነ በጤና ምክንያት መንቀሳቀስ ለሚከብደው ሰው ነጻ አገልግሎት ነው። የሚጠየቀው ኤርፖርቱ ሳይሆን አየር መንገዱ ነው፣ ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት። ደረጃ መውጣት ለሚችል፣ ረጅም መንገድ ግን ለማይችል ሰው ኮዱ WCHR ነው። ሁለቱም በረራ ላይ መመዝገቡን ጠይቁ፣ በተለይ አየር መንገዶቹ ከተለያዩ። አማርኛ የሚናገር ሰው መመደቡ ግን ዋስትና የለውም፣ የእማዬ ዕድል ነው። ስለዚህ የት እንደምትሄድና ማን እንደሚቀበላት በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ፣ ከነስልክ ቁጥራችሁ ፓስፖርቷ ውስጥ አድርጉላት።

አንድ ነገር አደራ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ወላጆቻችሁ ከሰው ጋር ተጋፍተው እንዳይወርዱ ንገሯቸው። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ለአስተናጋጇ «ዊልቸር» ይበሉ። ረዳቷ የምትጠብቀው አውሮፕላኑ በር ላይ ነው፤ በሕዝቡ መሀል ካለፉ አታገኛቸውም።

የመልሱም ጉዞ ላይ እንዲሁ አስመዝግቡ። የመውጫው ፓስፖርት ቁጥጥርም ፍራንክፈርት ላይ ነው።