ኢንኮዲንግ፣ ኢንክሪፕሽን፣ ሃሺንግ፦ ማን ወደ ኋላ ይመለሳል?

አንድ ጀማሪ የፓስወርድ ሰንጠረዡን አሳየኝና «ኢንክሪፕት አድርጌዋለሁ» አለኝ። የተቀመጠው `c2VsYW0=` ነበር። መጨረሻ ላይ ያለችው `=` ወዲያው ታሳብቃለች፤ ይሄ ቤዝ64 ነው፣ ማለትም ኢንኮዲንግ።

```
echo 'c2VsYW0=' | base64 -d
```

`selam` ብሎ ወጣ። ቁልፍ የለ፣ ምስጢር የለ። ኢንኮዲንግ የጽሑፉን መልክ ቀየረ እንጂ ምንም አልደበቀም።

ኢንክሪፕሽንም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ግን ቁልፉን ለያዘ ሰው ብቻ። ተመልሶ ለሚነበብ መልእክት ወይም ፋይል ግሩም ነው፤ ለፓስወርድ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ሰርቨሩን የሰበረ ሌባ ብዙ ጊዜ ቁልፉንም እዚያው ያገኘዋል።

ሃሺንግ ጽሑፉን ሃሽ ወደሚባል ኮድ ይቀይረዋል፤ መመለሻ ግን የለውም። ሰውየው ሲገባ የጻፈውን እንደገና ሃሽ አድርገህ ከተቀመጠው ጋር ታስተያያለህ፣ በቃ። ሌባው ግን እየገመተ ሃሽ ማድረግ ይችላል፤ SHA-256 የተባለው የሃሽ ዓይነት ፈጣን ስለሆነ ደግሞ እንደ `selam` ያለውን ወዲያው ይደርስበታል። ስለዚህ ለፓስወርድ ሆን ተብሎ ቀርፋፋ የተደረገውን bcrypt የተባለ የሃሽ ዓይነት ተጠቀም።