ለጂማ ተመራቂዎች፦ ሲቪ ለመሥራት ገንዘባችሁን አትጨርሱ፣ ይህን ሳይት ተጠቀሙ

ሰላም ለሁላችሁም። ምስጋናዬን በአደባባይ ካልተናገርኩ ህሊናዬ አያርፍም ብዬ ነው ዛሬ የምጽፈው። በዚያ ላይ የምረቃ ሰሞን ነው። ካምፓስ ውስጥ ጋዋን የሚለኩ ልጆችን ሳይ፣ ከሳምንት በኋላ ሲቪ ፍለጋ የት የት እንደሚንከራተቱ ስለማውቅ ሆዴ ይባባል።

የማመሰግነው ዩሮፓስ የሚባለውን ሳይት ነው። አድራሻው europass.europa.eu ነው። የአውሮፓ ኅብረት ያዘጋጀው ነፃ አገልግሎት ነው። ነፃ ስል ከምር ነፃ ማለቴ ነው፤ እሱን ደግሜ ደጋግሜ የምለው ያየሁትን ስላየሁ ነው።

የተመረቅኩት ከጂማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ በዕፅዋት ሳይንስ ነው። የመውጫ ፈተናውን አለፍኩ፣ ቴምፖ ይዤ ወጣሁ፣ ከዚያ «ሲቪ አምጪ» ተባልኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ከተማ ውስጥ ሲቪ ይጽፋል ወደተባለ ኮምፒውተር ቤት ነበር። ልጁ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ ስሜንና የትምህርት ክፍሌን ብቻ ጻፈ። የቀረውን ከሌላ ሰው ሲቪ ላይ ገለበጠው። ብሩን ከፍዬ ቤት ገብቼ ሳነበው የማላውቀው ሰው ስልክ ምስክር ተብሎ ታች ተቀምጧል። «ጠንካራ የሽያጭ ልምድ አላት» ይላል። እኔ ዕቃ ሸጬ አላውቅም! ተመልሼ ብነግረው «ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?» አለኝ። እስካሁን ያቺ ንግግሩ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ሲቪ የሚሠራ ሌላ ሳይት አገኘሁ። ስሙን መጥራት አልፈልግም። ዲዛይኑ ዓይን ይስባል፤ በጎን ጥቁር ሰማያዊ ዓምድ፣ የክህሎት መለኪያ ነጥቦች፣ ክብ ፎቶ። እየቆረጠ ከሚያስቸግር ኔትወርክ ጋር እየታገልኩ አንድ ምሽት ሙሉ ሞላሁት። ሁሉን ጨርሼ «አውርድ» የሚለውን ስነካ የባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቀኝ። ለሙከራ ትንሽ ዶላር፣ ከዚያ በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ። ዶላር የሚከፍል ካርድ ጂማ ውስጥ የትኛው ተማሪ ነው ያለው? ገና መጀመሪያ ላይ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ልፋቴን ሁሉ እዚያው ትቼው ወጣሁ። እንደምንም በስክሪን ሾት ያስቀረሁትን ገጽ ሳሳትም ደግሞ፣ በጥቁሩ ዓምድ ላይ በነጭ የተጻፈው ስልክ ቁጥሬ ፎቶ ኮፒው ላይ ጭራሽ አይነበብም። ይህን ልብ በሉ፤ እኛ አገር ሲቪ ገና በጥቁርና ነጭ ኮፒ ተደርጎ በፋይል ይሰጣል። ዲዛይኑ ስክሪን ላይ ማማሩ ብቻ በቂ አይደለም።

ዩሮፓስን የነገረችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ትሠራለች። «አንቺ ልጅ፣ ነገሩን አታወሳስቢው። እዚያ ግቢና ሙዪው» አለችኝ። በኢሜይሌ አካውንት ከፈትኩ። ካርድ የሚባል ነገር አልጠየቀኝም። እስከ መጨረሻው ጠብቄ ነበር፣ አሁንም ግን አልጠየቀኝም። ፒዲኤፉ ወረደ። በደስታ እናቴን ከማዕድ ቤት ጠርቼ ነው ያሳየኋት፣ ምን እንደሆነ ባይገባትም እልል አለች።

ግን ከነፃነቱ ይልቅ አንጀቴን ያራሰው ሌላ ነገር ነው። የሥራ ልምድ የሚለው ክፍል ውስጥ Main activities and responsibilities የምትል ሳጥን አለች። ዋና ዋና ሥራዎችሽና ኃላፊነቶችሽ ምን ነበሩ ነው የምትለው። ያ ኮምፒውተር ቤት ያልጠየቀኝን ጥያቄ ይህቺ ሳጥን ጠየቀችኝ። «እኔ እኮ ልምድ የለኝም» ብዬ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። «ለተግባር ልምምድ ጎማ ወረዳ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ አልነበርሽም? ጠዋት ገብተሽ ማታ እስክትወጪ እጅሽ ምን ይሠራ ነበር? እሱን ጻፊ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የመልቀም ወቅት ነበር። ከሰዓት በኋላ ገበሬው እሸት ቡናውን ይዞ ይመጣል። እኔ ከመዝጋቢው ጎን ቆሜ ሚዛኑን አነብ ነበር። ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ከቀዩ ሲለዩ አብሬ እለይ ነበር፤ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን እናወጣ ነበር። ቡናው በዚያው ምሽት ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ እንዲብላላ ይደረጋል፣ ከዚያ ታጥቦ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ፔርጋሚኖው፣ ማለትም ፍሬውን የሸፈነው ደረቅ ልባስ፣ እንዳይሰነጠቅ እንሸፍነዋለን፣ ማታም ጤዛ እንዳይነካው እንሸፍነዋለን። በየአልጋው ናሙና እየወሰድኩ በእርጥበት መለኪያ እለካና መዝገብ ላይ እጽፍ ነበር። ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ነው ለመጋዘን የሚነሳው።

የድሮው ሲቪዬ ይህን ሁሉ እንዴት እንደጻፈው ልንገራችሁ? «በቡና ዝግጅት ተሳትፋለች»። አለቀ! አሁን ግን በሳጥኗ ውስጥ ሦስት አጭር መስመር ጻፍኩ። የዕለቱን የእሸት ቡና ርክክብ በሚዛን መዝግቤያለሁ። ያልበሰለና የተጎዳ ፍሬ ለይቼያለሁ። በማድረቂያ አልጋዎች ላይ እርጥበት ለክቼ በየቀኑ መዝገብ ይዣለሁ። እያንዳንዱ መስመር ሠራሁት በሚል ግሥ ነው የተጻፈው፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ግሡ መጀመሪያ ላይ ይመጣል። ቃለ መጠይቅ ላይ ቢጠይቁኝ አንዱንም ሳልደናገር ማስረዳት እችላለሁ፣ እጄ የነካው ነገር ነውና።

የጂማ ዩኒቨርሲቲ ልጆች በተለይ ስሙኝ። ሲቢቲፒ ወጥታችኋል አይደል? ቀበሌ ወርዳችሁ ቤት ለቤት መጠይቅ ሞልታችኋል፣ መረጃውን አጠናቅራችኋል፣ የማኅበረሰቡን ችግር በቅደም ተከተል አስቀምጣችሁ ዕቅድ አውጥታችኋል። እሱን «የኮርስ ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ዩሮፓስ ላይ አዲስ ክፍል መጨመር ይቻላል፤ እኔ ፕሮጀክት በሚለው ሥር አስገባሁት። የቡድኑን ሥራ ሁሉ የእኔ ነው አላልኩም፤ የራሴን ድርሻ ብቻ ጻፍኩ።

ሌላም ያስደሰተኝ ነገር አለ። የክፍሎቹን ቅደም ተከተል ራሴ መቀየር ቻልኩ። ለአዲስ ተመራቂ ትምህርት ከላይ ቢሆን ይሻላል፣ ስለዚህ ወደ ላይ አወጣሁት። ቋንቋ ላይ ደግሞ አፍ መፍቻዬ ኦሮምኛም አማርኛም ነው ብዬ ሁለቱንም አስገባሁ። ቡና ሥራ ላይ ጂማ ዙሪያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዝኛን ከ A1 እስከ C2 ባለው ደረጃ ነው የሚያስሞላው፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መናገር፣ መጻፍ ለየብቻ ነው። የደረጃዎቹን ማብራሪያ አንብባችሁ የሚመጥናችሁን ምረጡ። ሁሉም ላይ C2 የሚሞላ ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ በመጀመሪያው ደቂቃ ይታወቅበታል።

እውነቱን ለመናገር የማይሠራውም አለ። እንግሊዝኛችሁን አያርምላችሁም፣ የእኔን ያረመችልኝ የዶርም ጓደኛዬ ናት። የሥራ ማስታወቂያዎቹም የአውሮፓ ናቸው፣ እዚያ ላይ ጊዜ አታጥፉ። EQF level የምትል ሳጥን ታገኛላችሁ፤ የአውሮፓ የትምህርት ደረጃ መለኪያ ስለሆነች የአክስቴ ልጅ «ባዶ ተዪያት» ብላኝ ተውኳት። ፎቶም፣ የትውልድ ቀንም ግዴታ አይደለም። ገጹም ቶሎ ይበዛል፤ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን አውጥቼ ነው ሁለት ገጽ ላይ ያቆምኩት።

አንድ የማልረሳው ነገር ደግሞ እነሆ። ያወረዳችሁትን ፒዲኤፍ አትጣሉት። በኋላ መልሳችሁ ስታስገቡት ሳይቱ ያነበውና የጻፋችሁት ሁሉ ሳጥኖቹ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። እንዴት እንደሚያደርገው አልገባኝም፣ ግን ያደርገዋል። አንድ መስመር ለመቀየር ከዜሮ መጀመር የለም። እያንዳንዱ ማስታወቂያ የሚፈልገውን አንብቤ ከሥራው ጋር የሚሄደውን መስመር ወደ ላይ እያወጣሁ የላክሁት በዚህ ነው።

ውጤቱን ትጠይቁኛላችሁ። ጂማ ያለ አንድ ቡና ላኪ ለጥራት ቁጥጥር ረዳት ጠራኝ። ጠያቂው አዛውንት ጋሼ ሲቪዬን በእጃቸው ይዘዋል፣ ጣታቸው የእርጥበቷ መስመር ላይ ነው። «እስቲ ልጄ፣ 15 በመቶ ሆኖ ብታገኚው ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። «አላስነሳውም፣ አልጋው ላይ አቆይቼ እያገላበጥኩ በማግሥቱ እለካዋለሁ» አልኳቸው። «እርጥብ ቡና ከተከዘነ ይሻግታል» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ብዙም አልጠየቁኝም። አሁን በ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜዬ ላይ ነኝ፤ የመጀመሪያ ደመወዜንም ለእናቴ ሰጥቼ መርቃኛለች።

ዩሮፓስን የሠራችሁ ሰዎች፣ ይህን ባታነቡትም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአክስቴ ልጅ፣ አንቺማ ዕድሜ ይስጥሽ። የኔ እህቶችና ወንድሞች፣ ሰው ሲቪ ልጻፍላችሁ ብሎ ብር ሳይጠይቃችሁ europass.europa.eu ግቡ። ያቺን ሳጥን ስትደርሱ ግራ ከገባችሁ፣ የተለማመዳችሁበትን ቦታና በየቀኑ የሠራችሁትን ነገር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ አብረን መስመር እናደርገዋለን።